«ማን ነው?» «እኛ!»

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከግጥሚያ በፊት አብረው የሚሉት መፈክር ጻፍልን አሉኝ። ጻፍኩላቸው፦ «የጠንካራ ልምምድ ውጤት ድል ነው፤ ቡድናችን ምንጊዜም ግንባር ቀደም ነው!» ወረቀት ላይ ያምራል። ሜዳ ላይ ግን ትልልቆቹ ሲጨርሱ ትንንሾቹ ገና «ልምምድ» ላይ ነበሩ፤ ዳር ለቆመው ሰው የተሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ርዝመቱ አንድ ችግር ነበር፤ የባሰው ግን ቃላቱ ናቸው። «ልምምድ»፣ «ድል»፣ «ቀደም» የሚያልቁት በሳድስ ነው። ሳድስ ላይ ሲደርስ ድምፅ እዚያው ይቆረጣል። በራብዕና በሳብዕ የሚያልቅ ቃል ግን አፍ እንደተከፈተ ስለሚወጣ ሩቅ ይሄዳል። እስቲ «ድል!» ብላችሁ ጩኹ፤ ቀጥሎ «እኛ!» በሉ። ጆሯችሁ ይፈርዳል። በዚያ ላይ «ኛ» ጠብቆ ስለሚነገር ቃሉ ራሱ ምት አለው።

ቅርጹን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ የሚሉት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥሙን ማወቅ ያለበት አውጪው ብቻ ነው፤ ተቀባዩ አንድ ቃል ይበቃዋል። ስለዚህ እንዲህ አደረግነው፦

ማን ነው የሚሮጠው?
እኛ!
ማን ነው የማይደክመው?
እኛ!
ወድቆ የሚነሳው?
እኛ! እኛ!
በርቱ! በርቱ! ሆ!

መጀመሪያ «በርታ» ነበር ያልኩት። ከቡድኑ ሁለቱ ሴቶች ስለሆኑ አንዷ «እኔስ?» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። «በርቱ» ሁሉንም ይይዛል።

የቀረው ችግር ጥድፊያ ነበር። አውጪው የሌሎቹ «እኛ» ሳያልቅ ቀጣዩን ይጀምራል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁሉም ይደበላለቃል። መፍትሔው ሁለት ጭብጨባ ሆነ። ከእያንዳንዱ «እኛ» በኋላ ሁሉም ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል፤ አውጪው በዚያች ቅጽበት ይተነፍሳል። ምቱ መፍጠኑንም በጭብጨባው ታውቁታላችሁ፤ ሁለቱ እንደ አንድ ከተሰሙ ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ መጀመር ነው። አውጪውም የግድ ጉልበተኛው ልጅ አይደለም። የእኛዋ ቀጭን ግን ጥርት ያለ ድምፅ ያላት ናት፤ በጫጫታ መሃል የምትሰማው እሷ ነች።

ተጋጣሚን የሚሰድብ ስንኝ ይጨመር ያሉ ነበሩ። አልተቀበልኩም፤ ያንኑ የሚሰሙት ልጆች ናቸው።

አሁን ክብ ሠርተው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሉታል። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው መሻከር ይጀምራል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ሜዳ ውስጥ «አቀብለኝ!» ለማለት ያስፈልጋቸዋል።