ምሽት ላይ ፍሪጁ ለምን ያቃስታል?

ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት መሆን ነበረበት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ምጣድና ስቶቭ ሲለኩስ ግን ከትራንስፎርመሩ ርቀው መስመሩ ጫፍ ላይ ያሉ ቤቶች 160 ብቻ ሊደርሳቸው ይችላል። የቀረው በረጅሙና በቀጭኑ ሽቦ ላይ በሙቀት መልክ ባክኗል።

ምጣዱ ራሱ በዚህ አይጎዳም፤ እንጀራው ይዘገያል፣ ዓይኑም አያምርም፣ በቃ። ሞተር ግን ሌላ ነው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 160 ሲወርድ ከሩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው የቀነሰው፤ የሞተሩ የመነሻ ጉልበት ግን ወደ ግማሽ ይወድቃል። ስለዚህ የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ጋዙን ገፍቶ መነሳት ያቅተውና እያጓራ ይቆማል። የቆመ ሞተር ደግሞ ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። መከላከያው ቀጭ ብሎ ያጠፋዋል፤ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ይሞክራል። ይህ በየምሽቱ ሲደጋገም የጥቅልል ሽቦው ልባስ እያረረ ይሄድና አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ ይቃጠላል። ማጓራትና ቀጭ ማለት እየተፈራረቁ ከሰሙ ሶኬቱን ይንቀሉ።

ስታብላይዘር ከመግዛትዎ በፊት ግን ጎረቤትን ይጠይቁ። መብራቱ የደከመው በእርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ ችግሩ ምናልባት የላላ ወይም የቀጠነ የቤት ሽቦ ነው፤ እሱን የሚፈታው ኤሌክትሪሺያን እንጂ ስታብላይዘር አይደለም። የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ፣ ምሽቱ ሲከፋ ባለሙያ ቮልቴጁን ይለካልዎ።

160 ተገኘ እንበል። ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አቅም ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ዝቅተኛውን የመግቢያ ቮልት ነው። ኮምፕሬሰሩ በሚነሳባት ቅጽበት 160ው ራሱ ወደ 145 ሊወርድ ስለሚችል፣ ከ160 የሚጀምር ዕቃ በዚያች ቅጽበት አይረዳም። ከ130 ወይም ከ140 የሚጀምር ይፈልጉ።

ቀጥሎ አቅሙ ነው። ፍሪጁ ጀርባ ላይ 1 አምፔር ከተጻፈ 220 ቮልት አምፔር ማለት ነው። ሲነሳ አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ወደ 1,300 ይደርሳል። ስታብላይዘር መግቢያው ዝቅ ሲል አቅሙም ስለሚቀንስ 2,000 ቢገዙ አይበዛም። ሁለቱ ዕቃዎች እኩል ቁጥር ተጽፎባቸው አንዱ በጣም ከቀለለ፣ የቀለለውን ተጠራጠሩት፤ አቅሙ ያለው ውስጡ ባለው ብረትና ሽቦ ነው።

ሦስት ደቂቃ ያህል የሚያዘገይ መሆኑንም ያረጋግጡ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልረገበምና፣ ቮልቴጁ ሙሉ ቢሆን እንኳ ኮምፕሬሰሩ መነሳት ይቸግረዋል።

ለውሃ ፓምፕ የሚበቃ ስታብላይዘር ትልቅና ውድ ነው። እዚያ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ፣ ምጣዶቹ ከጠፉ በኋላ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ታንከሩን መሙላት ይሻላል።