የበቆሎ ሚዛን መጉደልና የከረጢት አያያዝ

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በቆሎ ገና እንደ ተሰበሰበ ቢመዘን ከባድ ነው፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ግን ይቀላል። ይህንን ጉድለት ሹም ሁሉ ስርቆት ነው ብሎ እንዳይፈርድ ነገሩን ማወቅ ይገባዋል። ከመቶ 18 እጅ ውሃ ያለበት 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 እጅ ሲደርቅ 94 ኪሎ ከሩብ ያህል ይሆናል፤ የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ተረካቢው ሙሉውን 100 ኪሎ ካልተቀበልሁ ቢል ግን ገበሬው እህሉን ሳያደርቅ ይቋጥረዋል።

አየር የማያስገባው ከረጢት ሁለት የላስቲክ ከረጢቶች በአንድ ጆንያ ውስጥ የተደረቡበት ነው። አየሩ በእጅ ተጨምቆ ወጥቶ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ጠብቆ ሲታሰር፥ ነቀዙና በፍሬው ውስጥ ያለው ትል የቀረውን አየር ተንፍሰው ይጨርሱና ይሞታሉ። በየጊዜው ቢከፈት ግን አዲስ አየር ይገባል፤ ነቀዙም ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ከረጢቱ እህል አያደርቅም። እርጥብ በቆሎ ቢታሰርበት ይኮመጥጣል፥ ይሻግታልም። ስለዚህ አስቀድሞ በሸራ ላይ ሳስቶ ተሰጥቶ፥ እየተገለበጠ ይድረቅ። ደሴ ከኮምቦልቻ ይልቅ ከፍታዋና ብርዷ የበረታ ስለ ሆነ በዚያ ብዙ ቀን ይጠይቃል።

መድረቁም በጨው ይፈተናል። ደረቅ ጨውና ጥቂት በቆሎ በደረቅ ጠርሙስ ተጨምሮ በብርቱ ይናጥ፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ፥ እህሉ ቀዝቅዞ ይታሰር፤ ሚዛኑም የሚያዘው ያን ጊዜ ይሁን።