ዐፄ ዮሐንስ ለምን ወደ መተማ ሄዱ? አንድን ጥያቄ በጊዜ መስመር ማጥናት

ባለፈው የታሪክ ፈተና ላይ «የመተማ ጦርነት ምክንያትና ውጤት ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ነበረ። አንድ ጎበዝ ተማሪ ቀናቱን በሙሉ በቃሉ ይዞ መጣ። ሆኖም ማህዲው በሱዳን የተነሣው በ1881 ነው፣ ዐፄ ዮሐንስም መተማ ላይ የወደቁት በ1881 ነው ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ቁጥሮች ከመጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው፤ አንዱ ግን በፈረንጆች፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚህ ምክንያት ስምንት ዓመት የፈጀው ታሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ታጠፈበትና ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ አጣ።

ካርቱም የሚማር ልጅ ይህን ስሕተት ቢሠራ አይፈረድበትም። የሱዳን መጻሕፍት የሚቆጥሩት በፈረንጆች ወይም በሂጅራ ነው፤ የእኛዎቹ ደግሞ በዓመተ ምሕረት። ከዚያ ፈተና በኋላ በክፍላችን የሠራነውን የጊዜ መስመር በዚሁ የመተማ ጥያቄ ላሳያችሁ።

በመጀመሪያ ሁለት የኤ ፎር ወረቀቶችን በጎን አጋድማችሁ በፕላስተር አያይዙ። ርዝመታቸው ወደ 59 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መሐል ላይ አንድ መስመር አስምሩና ለእያንዳንዱ ዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ስጡ። ከ1873 እስከ 1888 ዓ.ም. ያሉት 16 ዓመታት 48 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስዱ ወረቀቱ ይበቃል። ለሁሉም ዓመት እኩል ቦታ ስጡ። ብዙ ነገር የተደረገበት ዓመት ሲጨናነቅ፣ ጸጥ ያለው ደግሞ ባዶ ሲሆን በዐይን መታየት አለበት።

ከመስመሩ በላይ ዓመተ ምሕረትን፣ ከመስመሩ በታች የፈረንጆቹን ዓመት ጻፉ። ሁለቱን ምልክቶች ግን አንዱን ከሌላው ትይዩ አታድርጉ። የእኛ ዓመት በመስከረም፣ የእነሱ በጥር አካባቢ ስለሚጀምር፣ የታችኛው ምልክት ከላይኛው ወደ ቀኝ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህች አንዲት ሴንቲ ሜትር የ7ና የ8ን ነገር ትፈታለች። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው። ከላይ ሁለት ዓመት ናቸው፤ ከታች ግን ሁለቱም 1889 ውስጥ ይወድቃሉ። ለውጫሌ 8፣ ለንግሡ 7 ትደምራላችሁ። የሂጅራው ዓመት ግን ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር፣ ለሁሉም ጊዜ የሚሠራ አንድ የሚደመር ቁጥር የለውም።

ቀጥሎ በትናንሽ ወረቀቶች ላይ ድርጊቶቹን ጻፉ። አንድ ድርጊት አንድ ወረቀት ይበቃዋል። ስም ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ መጽሐፍ «መተማ» የሚለውን ጦርነት የሱዳኑ «ገላባት» ይለዋል፤ «ደርቡሽ» የምንላቸው በዚያኛው «አንሷር» ናቸው። ይህን ያልተገነዘበ ተማሪ አንዱን ጦርነት ሁለት ጊዜ ይለጥፋል። ሁለቱንም ስም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ።

አሁን ወደ ምክንያት እንምጣ። ከጦርነቱ በፊት የሆነ ሁሉ ምክንያት አይደለም። አንድን ወረቀት ከሌላው ጋር በቀስት ከማገናኘታችሁ በፊት ቀስቱ ላይ ማን፣ ምን ስላደረገ፣ ማን ምን እንዳደረገ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ እንቢ ካለ ቀስቱ አይሳል።

አንድ ምሳሌ ይኸው። ካርቱም በማህዲው ጦር እጅ የወደቀችው ጥር 19 ቀን 1877 ነው። ጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት ከ10 ቀን በኋላ፣ ጥር 29 ነው። በመስመሩ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ተደራርበው ሊለጠፉ ምንም አይቀራቸውም፤ ስለዚህ ብዙ ልጆች ወዲያው ቀስት ይስላሉ። ነገር ግን የጣሊያን ጦር ከአገሩ በመርከብ የተነሣው ካርቱም ከመውደቋ በፊት ነበር። ጎረቤት ቀኖች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም።

እውነተኛው ቀስት የሚነሣው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር አድዋ ላይ የሂዌትን ውል ተፈራረሙ። በማህዲው ጦር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ ቃል ገቡ፤ በምላሹም ቦጎስ ተመለሰላቸው፣ በምጽዋም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደላቸው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይወጣል፦ «ዐፄ ዮሐንስ የማህዲውን ጠላቶች ለማውጣት ስለተስማሙ፣ ማህዲስቶቹ ኢትዮጵያን እንደ ጠላት ቆጠሩ።» ከዚህ ወረቀት ተነሥተን ራስ አሉላ መስከረም 1878 ከማህዲስቶች ጋር ወደ ተዋጉበት ኩፊት፣ ከዚያም ጎንደር ወደ ተቃጠለችበት ጥር 1880 እንሄዳለን። ውሉ የሩቅ ምክንያት፣ የጎንደር መቃጠል የቅርብ ምክንያት ይሆናል። በፈተና ሁለቱን ለይቶ የጻፈ ተማሪ ጥያቄው ገብቶታል ማለት ነው።

ከጦርነቱ በስተ ቀኝ ውጤቱን ለጥፉ። ውጊያው የተካሄደው መጋቢት 1 ቀን 1881 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ። ከ54 ቀን በኋላ ምኒልክ በውጫሌ ከጣሊያን ጋር ተዋዋሉ፤ በዚያው ክረምት ጣሊያኖች አስመራን ያዙ። እዚህ ላይ ከመተማ ቀጥታ ወደ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ወደ አድዋ ድል ረጅም ቀስት መሳል ያምራል፤ ግን አትሳሉት። መሐል ላይ የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙ፣ ምኒልክም ውሉን መሻራቸው አለ። እያንዳንዱ የራሱ ወረቀት ይፈልጋል፤ አንዱ ሲጎድል ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

አንድ ቀን ብቻ የማይበቃው ነገርም አለ። በአገራችን «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብና የከብት እልቂት ዓመታት ወስዷል። ሱዳኖችም የሂጅራውን 1306 ዓመት ረሃብ «ሰነት ሲታ»፣ የስድስት ዓመት ይሉታል። ይህን በነጥብ ሳይሆን ከመስመሩ በላይ በእርሳስ በተቀባ ረጅም ጥላ አሳዩት። መተማ የወለደው አይደለም፤ ግን ሁለቱም አገሮች በዚያ ጥላ ውስጥ ነበሩ።

ወላጆች፣ ልጃችሁን ለመፈተን ታሪክ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ከመስመሩ ላይ አንድ ወረቀት አንሡና «ይህ ባይኖር ቀጥሎ ያለው ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ያ የ1881 ልጅ አዲሱን መስመር ይዞልኝ ሲመጣ የሂዌትን ውል አነሣሁበት። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያ ማህዲስቶቹ ከእኛ ጋር ምን አጣላቸው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን እንዲነግረኝ አልጠየቅሁትም።