ዝንብን በቀናት መቅደም

አርባ ምንጭ ውስጥ ወባን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ከእሷ እንነሳ። የወባ ተህዋሲ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ቀናት ፈጅቶ ማደግ አለበት። የተቅማጥ ጀርም ግን ከዝንብ የሚፈልገው መጓጓዣ ብቻ ነው። ሰገራ ላይ የቆመች ዝንብ በእግሯና በሆዷ ይዛው ወዲያው ምሳችን ላይ ታርፋለች። ጠጣር ምግብ መንከስ ስለማትችል ለማሟሟት ምራቋንና ቀድማ የዋጠችውን ትተፋበታለች። ግድግዳ ላይ የምናያቸው ፈዛዛ ነጠብጣቦች ትፋቷ፣ ጥቋቁሮቹ ደግሞ ኩሷ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት ከዝንቦች ላይ የወስፋት እንቁላል፣ አሜባና ጃርዲያ አግኝቷል።

ታዲያ ለምን ፍሊት ነፍተን አንገላገልም? ፍሊቱ የሚገድለው የሚበርረውን ብቻ ነው። ዋናው ሠራዊት የሙዝና የማንጎ ልጣጭ፣ የዓሣ አንጀትና እበት በተከመረበት ቦታ ውስጥ ነው። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ መቶ ገደማ እንቁላል ትጥላለች። በአርባ ምንጭ ሙቀት እንቁላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ትሎቹ እርጥቡን ቆሻሻ ለጥቂት ቀናት ይበሉና ወደ ደረቅ አፈር ወጥተው ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ይገባሉ። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢፈጅ ነው።

ቆሻሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከግቢ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው፤ ትሎቹ ሳይበርሩ አብረው ይሄዳሉ። መዘግየታችንን ማወቅም ቀላል ነው። ገንዳው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ትል ካለ ገና ጊዜ አለን። ከገንዳው ሥር ያለውን አፈር ስንጭር ቡናማ ቅርፊት ካገኘን ግን ቀድመውናል፤ አፈሩንም ጭምር ማንሳት ያስፈልጋል።

ሽንት ቤትም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው፦ ትል እርጥበት ይፈልጋል። ከ2006 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ሮዛ የተባለው ፕሮጀክት በአርባ ምንጭ ሽንትን ከሰገራ የሚለዩና በሁለት ጉድጓድ እየተፈራረቁ የሚሠሩ ሽንት ቤቶችን አስተዋውቆ ነበር። በእነዚህ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አመድ ወይም ደረቅ አፈር ይጨመራል፤ ሰገራው ይሸፈናል፣ ይደርቃልም። ጉድጓዱ ውስጥ የእጣቢ ውሃ ከተደፋ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በረሮም ጀርሙን የምትሸከመው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ዘዴው ግን ይለያል። በየማድ ቤታችን የምናያት ትንሿ በረሮ ከ30 በላይ እንቁላል የያዘ ከረጢት ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። ከረሃብ ይልቅ ጥማት ይጎዳታል፤ ስለዚህ ማታ ፍርፋሪውን ከማንሳት ባሻገር የሚንጠባጠበውን ቧንቧ መጠገንና የእቃ ማጠቢያውን ሳፋ ደፍቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ከአጥር በላይ ነው። ዝንብ ኪሎ ሜትር አልፋ ትበርራለች፤ የእኛ ግቢ ጸድቶ የጎረቤት ክምር ከቀረ እሷው ተመልሳ ትመጣለች። የሚያዋጣው ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ቆሻሻውን ማውጣቱ ነው።