ፎቶው ሳይደበዝዝ ፋይሉ እንዲቀል

ለነፃ ትምህርት ዕድል የሚያመለክት አንድ ወጣት እናስብ። ማስረጃዎቹን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጨምሮ ወደ አንድ ፒዲኤፍ ሲያጠቃልላቸው ከ20 ሜጋባይት በላይ ይሆኑበታል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድረ ገጽ ግን ከ5 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አያስገባም። ቀኑ ሊያልቅ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ኢንተርኔት ላይ ካገኛቸው ነፃ ማሳነሻዎች በአንዱ ይጠቀምና ፋይሉ ወደ 900 ኪሎባይት ወርዶ ይወጣለታል። እፎይ ብሎ ይልካል። ተቀባዩ ከፍቶ ሲያየው የፓስፖርቱ ፎቶ ዓይንና አፍንጫው የማይለይ ጥላ ሆኗል፤ የትራንስክሪፕቱ ቁጥሮችም 3 ይሁኑ 8 አይታወቁም።

ልጁ 5 ሜጋባይት ተፈቅዶለት ሳለ ከአንድ በታች ወርዷል። አራት ሜጋባይት ያህል ጥራት ያለ ምክንያት ጥሏል ማለት ነው። ክብደቱ የት እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ ፎቶዎቹ ጥርት እንዳሉ ከገደቡ በታች መግባት ይችል ነበር። እስኪ የእሱኑ ሰባት ገጽ ይዘን እንሥራው።

ሁለቱ የደብዳቤ ገጾች ኮምፒውተር ላይ የተጻፉ ናቸው። እንዲህ ያለ ገጽ ፒዲኤፍ ውስጥ የሚቀመጠው እንደ ፊደል ስለሆነ ሁለቱ ተደምረው 200 ኪሎባይት ቢሞሉ ነው። አምስቱ ገጾች ግን፣ ማለትም ዲግሪው፣ ሁለት ገጽ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያውና ፓስፖርቱ፣ ፎቶዎች ናቸው። ብዙ ስልኮች የሚያነሡት ፎቶ 3000 በ4000 ነጥብ ነው፤ ነጥብ የምንለው ፒክስልን ነው። አንዱ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ 4 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መለኪያ እናገኛለን፦ ሦስት ሚሊዮን ነጥብ በግምት አንድ ሜጋባይት ይመዝናል። መለኪያው እንደ ፎቶው ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለዕቅድ ግን ይበቃል።

ስለዚህ ደብዳቤውን መንካት አያስፈልግም። እንዲያውም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤውን አትሞ፣ ፈርሞበት፣ መልሶ ፎቶ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ፊደሉ ፎቶ ይሆንና ያልነበረ 8 ሜጋባይት ይጨመራል። ነጭ ወረቀት ላይ ፈርሞ ፊርማውን ብቻ ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያ ደብዳቤው ላይ አስገብቶ ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ይሻላል።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ እንምጣ። ኤ4 ወረቀት ወደ ጎን 8.27 ኢንች ነው። 3000 ነጥቦች እዚያ ላይ ሲደረደሩ በእያንዳንዱ ኢንች 363 ነጥብ ያርፋል። ሰነድን በስክሪን ለሚያነብ ወይም በቢሮ ማተሚያ ለሚያትም ሰው ከ150 እስከ 200 ይበቃዋል። የነጥቡ ቁጥር በኢንች በግማሽ ሲቀነስ ወርዱም ቁመቱም ስለሚቀንስ ጠቅላላው ወደ ሩብ ይወርዳል። ኤ4 ገጽ በ300 ሲሆን 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል፤ በ150 ግን 2.2 ሚሊዮን ብቻ። ትልቁ ቅናሽ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ወለሉ የት ነው? ብዙ ማሳነሻዎች «በጣም ትንሽ» የሚሉት ምርጫ በኢንች 72 ነጥብ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በዚህ መጠን የሚደርሰው 85 በ113 ነጥብ ነው። ፊቱ ከዚያ ግማሹን ያህል ቢይዝ ለአንድ ዓይን የሚተርፉት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ሰውየውን ከፎቶው መለየት የማይቻለው ለዚህ ነው። በ150 ያው ጉርድ ፎቶ 177 በ236 ይሆናል፤ በ300 ደግሞ 354 በ472።

በአማርኛ ለተጻፈ ሰነድ ወለሉ ከዚህም ይጠብቃል። በን ከቡ፣ ሰን ከሱ የምትለየው አንዲት አጭር ቅጥያ ናት። የተለመደው ባለ 12 ነጥብ ጽሑፍ በ72 ሲቀመጥ የመስመሩ ከፍታ በሙሉ 12 ፒክስል ነው፤ ቅጥያዋ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል አግኝታ ከጎኗ ካለው እግር ጋር ትዋሐዳለች። በ150 ከፍታው 25 ፒክስል ስለሚሆን ግዕዙና ካዕቡ ይለያሉ። ስም የያዘ ማስረጃ ከ150 በታች መውረድ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመከርከም ነው። ሰነዱ የተነሣው ጠረጴዛ ላይ ከሆነ በዙሪያው ያለው የእንጨት መስመር ወይም የጠረጴዛ ልብስ ጥልፍ በፎቶው ውስጥ ገብቷል። ጄፔግ፣ ማለትም ብዙ ስልኮች ፎቶውን የሚያስቀምጡበት መንገድ፣ ለስላሳ ነጭ ቦታን በጥቂት ባይት ይገልጸዋል፤ ለደቃቅ ጥልፍ ግን ብዙ ባይት ያወጣል። የስልኩን ተራ ካሜራ ትቶ ሰነድ መቃኛውን መጠቀም ይህን በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። አይፎን ላይ በ`Notes`፣ አንድሮይድ ላይ በ`Google Drive` ውስጥ አለ፤ የወረቀቱን ጠርዝ ለይቶ ይከረክማል፣ ጥላውንም ያነጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው፦ መታወቂያና ፓስፖርትን ኤ4 ሙሉ ገጽ አድርጎ አለመዘርጋት። የባንክ ካርድ መጠን ያለው መታወቂያ 8.5 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በእውነተኛ መጠኑ ገጹ ላይ ቢቀመጥ በኢንች 300 ነጥብ እንኳ ተሰጥቶት ከ0.7 ሚሊዮን ነጥብ በታች፣ ወደ 0.2 ሜጋባይት ነው። የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽ 12.5 በ8.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በዚያው ጥራት 0.5 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል። የሰው ፊት ያለባቸው ሁለቱ ሰነዶች ከፍተኛውን ጥራት ይዘው ሁለቱም አንድ ሜጋባይት አልሞሉም። ዲግሪውና ሁለቱ የትራንስክሪፕት ገጾች በ150 ሲደረጉ እያንዳንዳቸው 0.7 ገደማ፣ በድምሩ 2.2 ሜጋባይት ናቸው። ደብዳቤው ሲጨመር ሁሉም ወደ 3.1 ሜጋባይት ይመጣል። ገደቡ 5 ስለሆነ ትርፍ አለን፤ ሦስቱን ገጾች ወደ 180 ከፍ ብናደርጋቸው እንኳ ድምሩ 4 አካባቢ ነው።

ይህን በዎርድ መሥራት ይቻላል። ፎቶው ላይ ጠቅ ሲደረግ በሚወጣው `Picture Format` ውስጥ `Compress Pictures` አለ። እዚያ `150 ppi` ይመረጣል። `Apply only to this picture` ምልክት እንደተደረገበት ከቆየ ቅነሳው የሚነካው የተመረጠውን ፎቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዲግሪውንና ትራንስክሪፕቱን ቀንሶ መታወቂያውን እንዳለ መተው ይቻላል። `Delete cropped areas of pictures` የሚለውም ምልክት ይደረግበት፤ ያለዚያ ዎርድ የተከረከመውን ይደብቀዋል እንጂ ከሰነዱ አያወጣውም። በመጨረሻ ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር `Minimum size` ሳይሆን `Standard` ይመረጥ፤ ቅነሳውን እኛው ስለጨረስን ዎርድ በላዩ ላይ እንዲጨምርበት አንፈልግም።

በእጅ ያለው የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ብቻ ሲሆን ጎስትስክሪፕት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል። ብዙዎች `/ebook` የሚለውን ምርጫ ብቻ ይሰጡትና ፋይሉ ሳይቀንስ ሲቀር ይገረማሉ። ምክንያቱ `/ebook` ወደ 150 የሚያወርደው ከዚያ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጡ ምስሎችን ብቻ መሆኑ ነው፤ በ200 የተቃኘ ገጽ ከ225 በታች ስለሆነ ያልፈዋል። ይህን ገደብ ወደ አንድ ማውረድ ያስፈልጋል፦

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dPDFSETTINGS=/ebook \
 -dColorImageResolution=180 \
 -dColorImageDownsampleThreshold=1.0 \
 -dGrayImageResolution=180 \
 -dGrayImageDownsampleThreshold=1.0 \
 -o new.pdf original.pdf
```

ዊንዶውስ ላይ `gs` በሚለው ቦታ `gswin64c` ይጻፋል፤ ትእዛዙም `\` ወጥቶ በአንድ መስመር ይሆናል። ከዚያ በፊት የትኛው ገጽ እንደከበደ ማየት ለሚፈልግ `pdfimages -list original.pdf` እያንዳንዱን ምስል ይዘረዝራል፤ `x-ppi` በሚለው ዓምድ ሥር በኢንች ያለው ነጥብ፣ በ`size` ሥር ክብደቱ ይነበባል።

ከነጥብ ብዛት ሌላ ሁለተኛ መቀነሻ አለ፤ እሱም የጄፔግ ጥራት ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ ይሠራል። ጥራቱ ከመጠን በላይ ሲወርድ ጉንጭ ላይ ካሬዎች ይታያሉ፣ በፊደል ዙሪያም ብናኝ የመሰለ ነገር ይወጣል። ፋይሉ በዚህ መንገድ በታመቀ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ ሲያስፈልግ ከተቀነሰው ሳይሆን ከመጀመሪያው ፎቶ መነሣት ግድ ነው። ፋይሉን ዚፕ ማድረግም እዚህ አይጠቅምም፤ ጄፔግ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ ዚፕ የሚቀንስለት ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ጥቁርና ነጭ ብቻ ወደሚያደርግ ምርጫ መሄድ ደግሞ አልመክርም። ግራጫ የሌለበት ፎቶ ፊትን ያጠፋል፤ የማኅተሙም ቀለም ይሄዳል። ለቁጥርም አደጋ አለው። በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች የቤት ፕላን ሲቃኙ ቁጥር እንደሚለውጡ አሳይቷል፤ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ስፋት ሁሉም 14.13 ካሬ ሜትር ሆኖ ይወጣ ነበር። ምክንያቱ ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ የሚመሳሰሉ ቅርጾችን እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን በሌላው ቦታ መተካቱ ነው። የደበዘዘ ቁጥር እንደደበዘዘ ይታያል፤ በሌላ የተተካ ቁጥር ግን ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥረውም።

በኢሜይል ለሚልክ ሰው ስሌቱ ትንሽ ይለያል። ኢሜይል አባሪውን ለጉዞ ሲያዘጋጀው መጠኑን በሲሶ ያህል ያሳድገዋል፤ 20 ሜጋባይት የነበረው መንገድ ላይ ወደ 27 ይደርሳል። ጂሜይል የሚፈቅደው 25 ስለሆነ ከ18 በታች መሆን ያዋጣል። ከዚያ በላይ ለሆነው ጂሜይል ራሱ በጎግል ድራይቭ አገናኝ ይተካዋል። አንዳንድ ተቀባዮች ግን እንዲህ ያለ አገናኝ አይከፍቱም።

ነፃ ማሳነሻ ድረ ገጾችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የሚከተተው ፓስፖርትና መታወቂያ ወደማናውቀው ኮምፒውተር ይሄዳል፤ እዚያ መቼ እንደሚጠፋ ማየት አንችልም። ለምግብ ዝርዝር ወይም ለማስታወቂያ ይሁን፤ ለመታወቂያ ግን ሥራው በራስ ኮምፒውተር ቢሠራ ይሻላል።

ከመላክ በፊት አዲሱ ፋይል ተከፍቶ በ100 ከመቶ መታየት አለበት። ሦስት ቦታ ማየት ይበቃል፦ የጉርድ ፎቶው ዓይኖች፣ ከትራንስክሪፕቱ ቁጥሮች ሁሉ ደቃቁ፣ በማኅተሙ ዙሪያ ያለው ጽሑፍ። ሦስቱ ከተነበቡ ሌላውም ይነበባል።

ማስረጃ በፒዲኤፍ የምትቀበሉ ቢሮዎችና ትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር አድርጉልን። «ከ2 ሜጋባይት አይብለጥ» ስትሉ ገደቡ ለእያንዳንዱ ሰነድ ይሁን ለሁሉም በአንድ ላይ ግለጹ፤ በኢንች 150 ነጥብ እንደሚበቃችሁም አብራችሁ ጻፉ። አመልካቹ የሚፈለግበትን ሲያውቅ እናንተም የሚነበብ ፎቶ ይደርሳችኋል።