የምስል መፍጠሪያ ክሬዲት፦ የቀን ኮታ ከወር ኮታ በምን ይለያል?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚሠሩ መተግበሪያዎች አገልግሎታቸውን የሚሰፍሩት ክሬዲት በተባለ መለኪያ ነው። ተጠቃሚው ምስል ባዘዘ ቁጥር ከሂሳቡ የተወሰነ ክሬዲት ይቀነሳል። የምስሉ መጠን ሲያድግ ወይም የላቀ ሞዴል ሲመረጥ ተቀናሹ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል፤ በአገልግሎት ሰጪው ማዕከል ያሉት ኮምፒውተሮች ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራሉና።

ክሬዲቱ የሚታደስበት ጊዜ ግን ከመተግበሪያ መተግበሪያ ይለያያል። ሊዮናርዶ ለነፃ ተጠቃሚዎቹ በየቀኑ የሚታደስ ኮታ ሲሰጥ፣ አዶቤ ፋየርፍላይ ለተመዝጋቢዎቹ የሚሰጠው ኮታ በየወሩ ይታደሳል። በሁለቱም ዘንድ ጊዜው ያለፈበት የኮታ ትርፍ ወደ ቀጣዩ ዙር አይሸጋገርም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። አንዱ መተግበሪያ በቀን 30፣ ሌላው በወር 600 ክሬዲት ይሰጣል እንበል። የቀኑ ኮታ በ30 ቀን ሲባዛ 900 ስለሚሆን የሚበልጥ ይመስላል። አንድ ምስል 2 ክሬዲት፣ አራት ምስል የሚያወጣ አንድ ሙከራ ደግሞ 8 ክሬዲት ይፈጃል ብለን እናስላ።

ለሠርግ መጥሪያ ሥዕል የሚያዘጋጅ ሰው የሚፈልገውን እስኪያገኝ 20 ጊዜ ቢሞክር 160 ክሬዲት ያስፈልገዋል። የወር ኮታ ያለው በአንድ ምሽት ጨርሶ 440 ይተርፈዋል። የቀን ኮታ ያለው ግን በቀን ከሦስት ሙከራ በላይ ስለማይችል ሥራው ሰባት ቀን ይወስድበታል። በየቀኑ የምትቀረው 6 ክሬዲትም ሌሊቱን ትጠፋለች፤ በአራተኛው ሙከራ የምስሉን ብዛት ወደ ሦስት ዝቅ ካደረገ ግን ሊጠቀምባት ይችላል።

በተቃራኒው ለማኅበራዊ ገጹ በየቀኑ ሦስት ሙከራ የሚያደርግ ሰው በቀን 24 ክሬዲት ያወጣል። የወሩ 600 በ25ኛው ቀን ያልቅበታል፤ የቀን ኮታ ግን ወሩን ሙሉ ያዘልቀዋል። እንግዲህ ሥራው በአንድ ጊዜ ለሚከማችበት የወሩ፣ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ለሚሠራ የቀኑ ይሻላል።

ከአገር ውጭ ያለ ተጠቃሚ ሰዓቱንም ልብ ሊል ይገባል። የቀን ኮታው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት (UTC) እኩለ ሌሊት የሚታደስ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በዱባይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። በዋሽንግተን ግን በበጋቸው ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለሆነ፣ በዚያ የሚኖር ሰው ከመታደሱ በፊትና በኋላ በመሥራት በአንድ ምሽት የሁለት ቀን ኮታ መጠቀም ይችላል። የወር ኮታም የግድ በወሩ መባቻ አይታደስም፤ በ17ኛው ቀን ለተመዘገበ ሰው ዙሩ ከ17 እስከ 17 ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ መተግበሪያዎች ሁለቱንም ኮታዎች ጎን ለጎን ይሰጣሉ። የትኛው ቀድሞ እንደሚቀነስ ለማወቅ የሁለቱንም ቀሪ መዝግቦ አንድ ምስል ብቻ ማዘዝ ይበቃል። ቀድሞ የሚነካው የወሩ ከሆነ፣ የቀኑ ኮታ ሳይነካ በየሌሊቱ እየጠፋ ነው ማለት ነው።