ምርኩዙ የት ነው የተጻፈው?

በርሖቮት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን አይሁድ በሚኖሩበት በቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ የጎረቤቴ ልጅ የአያቷን የሰማንያኛ ዓመት ልደት ጥሪ ስታዘጋጅ እርዳኝ ብላ ጠራችኝ። ካርዱ በዕብራይስጥና በአማርኛ ነው የሚታተመው። ከላይ አንድ የመጽሐፍ ቃል እንዲገባ ፈለገች።

«አባባ፣ የትኛውን እናድርገው?»

«ያንን ጻፊዋ» አሉ አያትየው። «ሽማግሌና ባልቴት ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በኢየሩሳሌም፣ በዋርካ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ የሚለውን። ኢሳይያስ ነው።»

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ አያቷ ያሉትን እንዳለ ጻፈችው። ምንም አልመጣም። ኢሳይያስን ከፍታ ብዙ ምዕራፍ አገላበጠች፤ እዚያም የለም። አያትየው ግን «ከልጅነቴ ጀምሬ የሰማሁት ነው» ብለው አልተነቀነቁም።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ቃሉ አለ፤ በዚያ አነጋገር ግን የትም አልተጻፈም። እንዲህ ያለውን ግማሹ የተረሳ ቃል ወደ ምዕራፉና ወደ ቁጥሩ የሚያደርስ መሣሪያ አለ። ስሙ ኮንኮርዳንስ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቃል የት የት እንደሚገኝ በፊደል ተራ የሚዘረዝር ማውጫ ማለት ነው። የመጀመሪያው የላቲን ኮንኮርዳንስ በ13ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ፣ በዶሚኒካዊው በሂዩ ዘ ሳን ሼር መሪነት ተሠራ። ለዕብራይስጡ የመጀመሪያውን ያዘጋጀው በ15ኛው መቶ ዘመን የአርሉ ረቢ ይስሐቅ ናታን ነው። ከክርስቲያኖች ጋር ሲከራከር ጥቅሱን ቶሎ ማግኘት ስለነበረበት የምዕራፉን አከፋፈል ከላቲኑ መጽሐፍ ወሰደ። ዛሬ በእስራኤል ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ የምናገኛቸው እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣው የሰሎሞን ማንዴልከርን ሥራና ከእርሱ በኋላ የመጣው የአብርሃም ኤቨን ሾሻን ናቸው። በስልካችን ያለው የፍለጋ ሣጥንም የእነዚሁ ልጅ ነው፤ የእነርሱን ያህል ብልህ አይሁን እንጂ።

መሣሪያው ከመነካቱ በፊት ግን ትዝታው መመርመር አለበት። አያትየው በጎንደር ገጠር ሲያድጉ ቃሉን ያገኙት ከታተመ መጽሐፍ አልነበረም። ቄሱ በግዕዝ ያነባሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጉማሉ። በጆሮ የቀረው የቄሱ ትርጓሜ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ትዝታ ሥዕሉን አጥብቆ ይይዛል፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል ግን ይለቃል፤ የጎደለውንም ከመንደሩ ይሞላል። የነቢዩ ስምማ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋ ነው። ባለቤቱ የተረሳ ትንቢት ለኢሳይያስ ይሰጣል፤ ባለቤቱ የተረሳ ጸሎት ለዳዊት፣ ምክር ከሆነም ለሰሎሞን። ስለዚህ «ኢሳይያስ ነው» የሚለውን ወደ ጎን ትተን ሥዕሉን ያዝን፤ ሽማግሌ፣ ባልቴት፣ ምርኩዝ፣ ኢየሩሳሌም፣ ዋርካ፣ መቀመጥ።

ቀጥሎ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ትልቁንና ታዋቂውን ቃል ስለሚይዝ ነው። ኢየሩሳሌም በዕብራይስጡ መጽሐፍ ከ600 ጊዜ በላይ ይገኛል፤ «እጅ» ከ1,500 በላይ። በእነርሱ የጀመረ ሰው ሲያነብ ይመሻል። የሚፈለገው ጥቂት ቦታ ብቻ የሚገኝ፣ ግን ትዝታው እርግጠኛ የሆነበት ቃል ነው። ዋርካ ብርቅ ነው፤ አያትየው ግን ስንጠይቃቸው «ዋርካ ይሁን ሌላ ዛፍ እንጃ» አሉ። በምርኩዙ ግን አልተጠራጠሩም። ስለዚህ ምርኩዝን ያዝን።

መጀመሪያ በአማርኛ ሞከርን። የፍለጋ ሣጥን የሚያየው ፊደል እንጂ ድምፅ ወይም ትርጉም አይደለም። በፊደላችን ደግሞ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ሞክሼ ፊደል ነው፤ ሠራዊትን በ«ሰ» የጻፈ፣ ፀሐይን በ«ጸ» የጻፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። ምርኩዝ ሞክሼ ፊደል የለበትምና ከዚህ አመለጥን። ሁለተኛው ወጥመድ ግን ያዘን። ልጅቱ ምርኩዝ ብላ ስትጽፍ የሚፈለገው ቦታ አልመጣም፤ ምክንያቱም በመጽሐፉ ውስጥ ቃሉ «ምርኩዙን» ሆኖ ነው ያለው። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለማሽኑ ግን «ዝ» እና «ዙ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። መፍትሔው የመጨረሻውን ፊደል ቆርጦ መጻፍ ነው፤

```
ምርኩ
```

እንዲህ ሲጻፍ ምርኩዝም፣ ምርኩዙም፣ ምርኩዛቸውም ይመጣሉ። ፊቱ ላይ የሚለጠፉት «በ»፣ «የ» እና «ከ» ግን አያስቸግሩም፤ ማሽኑ ፊደሎቹን በቃሉ መሀልም ያገኛቸዋል፣ ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ ካላሉት በቀር።

ለዕብራይስጡ ካርድ ቁጥሩን በዕብራይስጥም ማረጋገጥ ስለነበረብን ወደዚያ ዞርን። ምርኩዝ በዕብራይስጥ «ሚሽዔኔት» ነው። በማንዴልከርን ማውጫ ቃሉ የሚገኘው በ«መ» ሥር አይደለም፤ ቃላቱ በሥራቸው ስለተደረደሩ መደገፍ የሚለውን ሥር፣ «ሻዓን»ን መፈለግ ያስፈልጋል። በኤቨን ሾሻን ግን ስሞች እንደሚነበቡት ስለተቀመጡ በቀጥታ በ«መ» ይገኛል። የመጽሐፉን ስልት ሳያውቅ የሚገልጥ ሰው ቃሉ የለም ብሎ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ሚሽዔኔት በዐሥር ቁጥሮች ብቻ ይገኛል። ከዚያ ማጣራት ነው። በኦሪት ዘጸአት 21፥19 ተመትቶ የዳነ ሰው በምርኩዝ ይራመዳል፤ አንድ ሰው ነው፣ ኢየሩሳሌምም የለችም፤ ወደቀ። በመዝሙር ምርኩዙ የእረኛው ነው፤ ወደቀ። በነገሥት፣ በኢሳይያስና በሕዝቅኤል የተሰበረ የሸምበቆ ምርኩዝ አለ፤ እርሱ ግብጽ የተመሰለችበት ነው። አያትየው «ኢሳይያስ» ያሉት ምናልባት ከዚህ ተቀላቅሎባቸው ይሆናል። በጣም የሚያታልለው ሁለተኛ ነገሥት 4፥29 ነው፤ ምርኩዝም እጅም አለበት። የተያዘው ግን የነቢዩ የኤልሳዕ ምርኩዝ ነው፤ ይዞ የሚሮጠውም ሎሌው ነው እንጂ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ሌሎቹም እንዲሁ ሲወድቁ የቀረው ትንቢተ ዘካርያስ 8፥4 ሆነ። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች፣ ኢየሩሳሌም፣ መቀመጥ፣ ከዕድሜ ብዛት በእጅ የተያዘ ምርኩዝ፤ አራቱም በአንድ ቁጥር ውስጥ አሉ።

አራት ነገር ገጠመ ብሎ ማቆም ግን አይገባም። የመጨረሻው ፈተና ቀጣዩን ቁጥር ማንበብ ነው። ልጅቱ ቁጥር 4ን ለአያቷ ጮክ ብላ አንብባ ዝም አለች።

«ልጆቹስ?» አሉ አያትየው። «በአደባባዩ የሚጫወቱ ልጆች አሉ እኮ!»

ቁጥር 5 ስለሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ነው። ሰውየው ያልተነገራቸውን ቀጣይ ከራሳቸው ካመጡ ቦታው ተገኝቷል ማለት ነው።

የዕብራይስጡን መስመር ስታይ ልጅቱ ሳቀች። «በአደባባዮች» የሚለው ቃል የራሷ ከተማ ስም ነው፤ ርሖቮት። ለምን በከተማችን ስም ፈልገን ቀድመን አላገኘነውም አለች። ሞከረችው፤ አልመጣም። ምክንያቱ ይኸውና፤ ላይኛው ዛሬ በመንገድ ምልክት ላይ የሚጻፈው ነው፣ ታችኛው በመጽሐፉ ያለው፤

```
רחובות
רחבות
```

የዘመኑ ዕብራይስጥ አናባቢን ለማሳየት ፊደል ይጨምራል፤ መጽሐፉ ያንን ፊደል ብዙ ጊዜ ይተዋል። ነጥቦቹ ያሉበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ነጥቡንም እንደ ፊደል ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የጨመረውን ፊደል አውጥቶ፣ ነጥብ በሌለው ጽሑፍ ውስጥ መፈለግ ይሻላል። በዚህ አጻጻፍ ሌሎች ቦታዎችም ይመጣሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ዘፍጥረት 26፥22፣ ይስሐቅ ያለ ጠብ ያገኘው የውሃ ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የተቆረቆረችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ትዝታው ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቃል ሲይዝ ነው። አንዳንድ አባባል ግን ሥዕሉን ይዞ ቃሉን በሙሉ ለውጧል። «ጥረህ ግረህ ብላ» ብለን መጽሐፍ ይላል እንላለን፤ በአማርኛው መጽሐፍ «ጥረህ ግረህ» ብሎ የፈለገ ግን ላያገኝ ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳው አባባሉ የሸሸገውን ዕቃ መጠየቅ ነው፤ ጥረት በገላ ላይ ምን ይሆናል? ላብ፣ ወዝ። በዕብራይስጡ «ዜዓ» የተባለው ላብ በመጽሐፉ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዘፍጥረት 3፥19 ይገኛል። እርሱም ቢሆን ዛሬ በሚጻፍበት ፊደል አይመጣም፤ ከመሀሉ አንድ ፊደል መውጣት፣ የመጨረሻውም ወደ «ת» መለወጥ አለበት።

የመዝሙር ቃል ሲሆን ደግሞ ቦታው ከተገኘ በኋላም ቁጥሩ ያጣላል። ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለው በግዕዙ ዳዊት መዝሙር 67 ነው። በዕብራይስጡ 68 ነው፤ ምክንያቱም ግዕዙ የዕብራይስጡን 9ኛና 10ኛ መዝሙሮች አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ በኋላ በአብዛኛው በአንድ ያንሳል። በዕብራይስጡ ርእሱም ራሱን የቻለ ቁጥር ስለሆነ ቃሉ ቁጥር 32 ላይ ይወድቃል፤ በብዙ ሌሎች ትርጉሞች ግን 31 ነው። «ኢትዮጵያ» ብሎ በዕብራይስጥ የሚፈልግም አያገኝም፤ እዚያ የተጻፈው «ኩሽ» ነው። እንግዲህ መዝሙር ሲጠቀስ በየትኛው መጽሐፍ እንደተቆጠረ አብሮ መጻፍ ነው።

ካርዱ ላይ «ዘካርያስ 8፥4» ተብሎ ታተመ። አያትየው ዓይናቸውን አጥብበው ካነበቡት በኋላ «ዋርካውን የት ጣላችሁት?» አሉ። በዘካርያስ ውስጥ ዛፍ የለም አልናቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ ቄሱ ያንን ሲያነቡ ሕዝቡ የተቀመጠው በመንደራቸው ዋርካ ሥር እንደነበር ነገሩን።